ለሚያቅለሸልሽ ሆድ የትኛው ይሻላል? ባዶ ሆድ፣ ሽታ ወይም ፈሳሽ ለሚያስቸግራት ነፍሰ ጡር

ታናሽ እህቴ ሰባተኛ ሳምንቷን እንደያዘች አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወለችልኝ። ድምጿ ደክሟል። «እቴ፣ ከትናንት ምሳ ወዲህ አንድም ነገር አልረጋልኝም» አለችኝ። ባለቤቷ ይበላላታል ብሎ ዶሮ አሠርቶላታል። ጎረቤቷ ገንፎ በቅቤ ይዛ መጥታለች። አማቷ ደግሞ ተልባ በጥብጠው ልከዋል። ሁሉም በፍቅር የቀረበ ነው። ሁሉም ግን ተመልሶ ወጣ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ለክትትል ከሚመጡ እናቶችም በየቀኑ የምሰማው ይህንኑ ነው። «ሲስተር፣ ምን ልብላ?» ይሉኛል። እኔም መጀመሪያ የምጠይቃቸው «መቼ ነው የሚብስብሽ?» ብዬ ነው። የሚስማማው ምግብ የሚታወቀው ከዚህ መልስ ነው። አጥሚት አንዷን ቀና ያደርጋታል፣ ሌላዋ ግን ገና ሁለት ጊዜ ሳትጎነጭ ትመልሰዋለች። ቆሎም፣ ሎሚም፣ እርጎም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው «ይህ ገንቢ ነው፣ ያኛው አይደለም» እያልኩ አይደለም። ለየትኛዋ ሴት የቱ ይረጋላታል የሚለውን ነው።

ማቅለሽለሹ ብዙውን ጊዜ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይጀምራል። ዘጠነኛው ገደማ ይብሳል። ከ12ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ለአብዛኞቹ ይቀላል፣ ለጥቂቶች ግን ከዚያም ይዘልቃል። ቅምጥልነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ጂዲኤፍ15 የሚባል ሆርሞን በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። ሆርሞኑ ከጽንሱና ከእንግዴ ልጁ በኩል በብዛት ወደ እናት ደም ይገባል፣ አንጎሏ ውስጥ ማስመለስን የሚያዘውን ክፍል ይነካል። ከማርገዟ በፊት ሰውነቷ ይህን ሆርሞን በብዛት ያልለመደ ሴት ይብስባታል። «እኔ ስምንት ስወልድ እንዲህ አላደረገኝም» የሚሉ እናት ካሉ ይህን ንገሪያቸው።

ሌላም የሚያሳርፍ ነገር አለ። «ለሁለት ብዪ» የሚለው ምክር ለእነዚህ ወራት አይሠራም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጽንሱ የሚፈልገው ተጨማሪ ምግብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሁን የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ውሃ እንዳያጥርሽ፣ ሆድሽ ጨርሶ ባዶ እንዳይሆን፣ ፎሊክ አሲድሽ እንዳይቋረጥ። አትክልቱና ሥጋው ሲቀልሽ ይደርሳል።

መጀመሪያ ሁለት ቀን መዝግቢ

እህቴን ወረቀት አምጪ አልኳት። ባቅለሸለሻት ቁጥር ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት ምን እንደሸተታት፣ ከበላች ስንት ሰዓት እንደሆናት እንድትጽፍ። የመጀመሪያው ቀን ወረቀቷ ይህን ይላል፦ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ከአልጋ ስነሳ፣ ቢጫ መራራ ውሃ ወጣኝ። 4 ሰዓት፣ ፎቅ ታች ቡና ሲቆሉ። 6 ሰዓት፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ገና ሳልቀምስ። 10 ሰዓት፣ ከምሳ ወዲህ ምንም ሳልበላ። የእሷ ችግር ባዶ ሆድና ሽታ ነው። ውሃ አላስቸገራትም። ስለዚህ የተላከላት ተልባም፣ ገንፎውም፣ ዶሮውም ለምን እንዳልረጋላት ገባኝ። ሦስት ሰዓት ባዶ የቆየ ሆድ ላይ ቅቤና በርበሬ ነው የወረደው፣ ያውም እየጨሰ።

ባዶ ሆድ ከሆነ፦ ጭብጦ፣ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ ወይስ አጥሚት?

ምልክቱ ግልጽ ነው። ስትነሺ ወይም ሁለት ሦስት ሰዓት ሳትበዪ ስትቆዪ ይጀምራል። የሚወጣው መራራ ነው። ጥቂት ስትቀምሺ ደግሞ ለጊዜው ቀለል ይልሻል። እዚህ ትልቁ ሥራ አልጋ አጠገብ የሚቀመጠውን ምግብ መምረጥ ነው።

እኔ ለዚህ ጭብጦን አስቀድማለሁ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ቁንጥጫ ጨው፣ ከተፈለገ ትንሽ ዘይት፣ ከዚያ ውሃ በማንኪያ እየጨመሩ እስኪያያዝ ማሸት ነው። እሳት የለውም፣ ስለዚህ ቤቱን ምግብ አይሸተውም። ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ ሆድ ላይ አይከብድም፣ ቶሎም አያስርብም። ማታ አዘጋጅተሽ ክዳን ባለው ዕቃ ራስጌሽ አስቀምጪ። ጠዋት ሳትነሺ፣ ትራስሽን ከፍ አድርገሽ ሁለት ሦስት ጉርሻ ብዪ። ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ ጋደም በዪ። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለሽ ተነሺ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ጉርሻውን ይበሉና ወዲያው ብድግ ይላሉ።

ቆሎ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ቦርሳ ውስጥ ይያዛል፣ ታክሲ ውስጥም ይቆረጠማል። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ግን የገብሱን ብቻ ያዢ፣ ሽምብራው ሆድ ይነፋል። ቃር ያለባት ሴት ደግሞ ደረቅ ቆሎ ስታበዛ ደረቷን ያቃጥላታል። ለእሷ ጭብጦው ይሻላል።

ዳቦ ከሆነ የትናንቱን፣ ደረቅ ያለውን ምረጪ። ትኩስ የቤት ዳቦ ውብ ነው፣ ግን የእርሾው ሽታ ለአንዳንዷ ፈተና ነው። አጥሚት ደግሞ ለጠዋቱ የመጀመሪያ ጉርሻ አይሆንም። ፈሳሽ ስለሆነ ባዶ ሆድ ውስጥ ይንቦጫቦጫል። ከተነሳሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ለብ ሲል፣ ያለ ቅቤ ከሆነ ግን ግሩም ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት ለሁለት ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ጨው ወይም ትንሽ ማር ጣል አድርጊበት።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሰዓቱን ጠብቂ። በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ። እንደራበሽ ከተሰማሽ አርፍደሻል። ሌሊት ለሽንት ስትነሺም አንድ ጉርሻ ያዝ አድርጊ፣ ጠዋቱ ይቀላል።

ሽታ ከሆነ፦ ምግቡን ሳይሆን ሙቀቱን ቀይሪ

አንዳንዷ ሽታ እስኪመጣ ደህና ናት። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ቡና ሲቆላ፣ ፍሪጅ ሲከፈት፣ የባሏ ሽቶ ሳይቀር። ለዚህች ሴት ትኩስና ቀዝቃዛ ከሚለው የሚበልጥ ምርጫ የለም። ትኩስ ምግብ እንፋሎቱ ሽታውን አፍንጫ ድረስ ያደርሰዋል። ያው ምግብ ሲቀዘቅዝ ዝም ይላል።

ስለዚህ በትኩስ ወጥ ፋንታ የተቀቀለ ድንች፣ ቀዝቅዞ፣ በጨው። ሩዝ ወይም መኮሮኒ ያለ ስጎ፣ ቀዝቅዞ። ሙዝ። ሐብሐብ ከፍሪጅ ወጥቶ። የተቀቀለ እንቁላልም ይሆናል፣ ግን ሌላ ሰው ልጦ፣ አየር ነክቶት፣ ቀዝቅዞ ይምጣልሽ። ገና ሲላጥ የሚወጣው ሽታ እንቁላልን ከነጭራሹ እንድትጠዪ ሊያደርግሽ ይችላል። አንዴ የጠላሽው ምግብ ደግሞ ለሳምንታት አይመለስም።

እንጀራ ላይ ሴቶች ለሁለት ይከፈላሉ። የኮምጣጣነቱ ሽታ የሚያስጠላቸው አሉ። ኮምጣጣውን ብቻ የሚያምራቸውም አሉ። የሚያምርሽ ከሆነ ሳታሞቂው፣ እንደወጣ ብዪ። ከምን ጋር? ሽሮ ያለ ቁሌት ሞክሪ። ነጭ ሽሮ፣ ውሃ፣ ትንሽ ዘይት፣ ጨው። በቃ። ውሃው ሲፈላ ሽሮው ይበጠበጣል፣ ክዳኑ ይደፋበታል፣ ለብ እስኪል ይጠበቃል። ሽንኩርትና በርበሬ የሌለበት ሽሮ ምን ሽሮ ነው የሚል ይኖራል። ለእነዚህ ሳምንታት ግን ሽሮ ነው፤ ያውም ፕሮቲን ያለው።

የሚያበስለው ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ካልሆነ መስኮት ክፈቺ፣ ክዳን ድፊ፣ ጠዋት ሳይሆን ቀለል በሚልሽ ሰዓት አብስይና አስቀምጪ። እህቴ ታች ያሉትን ጎረቤት ሄዳ «እትዬ፣ ቡናውን ከሰዓት በኋላ ቢያደርጉልኝ» አለቻቸው። ለመናገር ሁለት ቀን አፍራ ነበር። እሳቸው ግን «ምነው ልጄ፣ ቀድመሽ ብትነግሪኝ» ብለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ 10 ሰዓት አዞሩት።

ፈሳሽ ከሆነ፦ ውሃ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል ወይስ ሕይወት አድን?

ሦስተኛዋ ሴት ደረቁን ትበላለች፣ ውሃ ግን እንደጠጣች ይመለሳል። አንዳንዴም ምራቅ አፏን እየሞላ ያስቸግራታል። ምራቁን መዋጥ ያብስባታል። ትትፋው፣ ነውር የለውም፣ ሶፍት ወይም ኩባያ ትያዝ።

ከመጠጡ ዓይነት በፊት አወሳሰዱ ይቅደም። ምግብና መጠጥ በግማሽ ሰዓት ይራቁ። ውሃ በብርጭቆ አይጨለጥ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። በየአምስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ ብትወስጂ በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ነው፣ አንድ የሻይ ኩባያ ማለት ይቻላል። በስምንት ሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ሊጠጋ ነው። በብርጭቆ የማይረጋልሽ ውሃ በማንኪያ ይረጋል።

አሁን ምርጫው። ተራ ውሃ ብረት ብረት የሚልሽ ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊ። የሎሚው ልጣጭም ሲሸተት ሽታ ያባርራል። ቃር ካለብሽ ግን ሎሚውን ተዪው። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን እንደሚቀንስ በጥናት የታየ ነው፣ ማስመለሱን በመቀነስ ግን ያን ያህል አይደለም። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል ከትፈሽ የፈላ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ አቆዪ፣ ለብ ሲል ጠጪ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ኩባያ ይበቃል። አፍልተሽ ወፍራም ካደረግሽው ጨጓራ ያቃጥላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ። ጋዝ ያለው ውሃ ለአንዳንዷ ያገሳትና ያቀላታል፣ ለሌላዋ ሆዷን ይነፋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረሽ እዪው።

ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የየቀን መጠጥ አይደለም። ደጋግሞ ያስመለሰሽ ቀን ግን ከሁሉም ይቀድማል፣ ምክንያቱም ከውሃው ጋር የወጣውን ጨው ይመልሳል። አንዱን ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጥብጪ። በግማሽ ሊትር አታወፍሪው። ጣዕሙ ካስጠላሽ አቀዝቅዢው። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውን ድፊ።

ካስመለስሽ በኋላ ወዲያው ጥርስሽን አትቦርሺ። አሲዱ የጥርሱን ሽፋን አለስልሶታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ አድርገሽ ተጉመጥመጪ፣ ብሩሹ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆይ።

የማታው ፕሮቲን

ይህ ለሦስቱም ነው። ከመተኛትሽ በፊት ትንሽ ፕሮቲን ከያዝሽ ሌሊቱ ረጅም ባዶ ሆድ አይሆንብሽም። ከእንቁላል፣ ከእርጎና ከለውዝ ቅቤ ሽታ የሚያስቸግራት ለውዝ ቅቤውን ትምረጥ። አይበስልም፣ ደረቅ ዳቦ ላይ አንድ ማንኪያ ይቀባል፣ በጾምም ይሆናል። እርጎ ቀዝቃዛና ለስላሳ ስለሆነ ጉሮሮዋ ደረቅ ነገር እምቢ ላላት ጥሩ ነው። ግን ካልፈላ ወተት የረጋ የቤት እርጎ አሁን ይቅር፣ ከጥሬ ወተት የሚመጣ በሽታ ለጽንሱ አደገኛ ነው። የፋብሪካውን ወይም ከተፈላ ወተት የተሠራውን ያዢ። ክትፎም ቢያምርሽ በደንብ በስሎ ይሁን።

ስለ ጾም ብዙ እጠየቃለሁ። ውሳኔው የአንቺና የነፍስ አባትሽ ነው፣ ሁኔታሽን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። እኔ እንደ አዋላጅ የማየው ግን አንድ ነገር ነው። የሚጥላት ብዙውን ጊዜ ሥጋና ወተት መቅረቱ አይደለም። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳትቀምስ መቆየቷ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ለውዝ በሰዓቱ ከተገኙ የጾም ምግብ ራሱ ለሚያቅለሸልሽ ሆድ የዋህ ነው።

ኪኒኑስ?

ብረት ያለበት ኪኒን ማቅለሽለሽ ያብሳል። ብዙዎች ለማንም ሳይናገሩ መሳቢያ ውስጥ ያስቀሩታል። እንዲህ አታድርጊ። መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ መኝታ አዙሪው፣ ከለውዝ ቅቤው ወይም ከእርጎው በኋላ። እንደዚያም ካልሆነ ለሚከታተልሽ ባለሙያ ንገሪ። ብረቱ ለጥቂት ሳምንታት ቆሞ 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ብቻውን ሊሰጥሽ ይችላል። መቋረጥ የሌለበት እሱ ነው። ሲቀልሽ ብረቱ ይመለሳል። ምግቡ ብቻውን ካላገዘሽ ቫይታሚን ቢ6 የሚባል በእርግዝና የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ መጠኑን ግን ባለሙያ ይዘዝልሽ።

ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። ለሆድ ይበጃል ተብሎ ቡናና ሻይ ላይ የሚደረገው ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ ማሕፀንን ሊያነሳሳ ይችላል። አፈር ካማረሽ ደግሞ አትፈሪ፣ አትደብቂ። ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ስለሆነ ደምሽ ይታይ።

የእህቴ እሑድ

12 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋዋ ውስጥ ሁለት ጉርሻ ጭብጦ፣ ከዚያ ጋደም። 2 ሰዓት ላይ ለብ ያለ አጥሚት፣ ግማሽ ኩባያ። 4 ሰዓት ሙዝ፣ መስኮት ዘግታ። 6 ሰዓት ቀዝቃዛ ድንችና ግማሽ እንጀራ በነጭ ሽሮ። 8 ሰዓት እፍኝ የማይሞላ ቆሎ። 10 ሰዓት ሐብሐብ። 12 ሰዓት ሩዝ። ማታ 3 ሰዓት ለውዝ ቅቤ በደረቅ ዳቦ፣ ከዚያ ኪኒኗ። ውሃው በመሐል በመሐል በማንኪያ።

ያን ቀን አንዴ ብቻ አስመለሳት። ማክሰኞ ግን ደህና ነኝ ብላ ሐብሐቡን እስክትጠግብ በላች፣ ሁሉንም መለሰችው። የዋህ ምግብም ከበዛ አይረጋም። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ባሰባትና መዘንኳት። ከማርገዟ በፊት 58 ኪሎ ነበረች፣ 56 ኪሎ ተኩል ሆናለች። የምንፈራው ከመቶ አምስት ሲቀንስ ነው፣ ለእሷ 3 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ስላልደረሰች በዚሁ ቀጠልን፣ በየሦስት ቀኑ እየመዘንኩ። በ13ኛው ሳምንት ራሷ ሽንኩርት አቁላላች።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ጥቂትም ቢሆን የሚረጋ ነገር ሲኖር ነው። አንድ ቀን ሙሉ ውሃ በማንኪያ እንኳ ካልረጋልሽ፣ ስምንት ሰዓት ሽንት ካልመጣሽ ወይም ሽንትሽ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ስትቆሚ ዓይንሽን ካጨለመብሽ፣ ደም ካስመለሰሽ፣ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከተጨመረበት ምግብ መቀያየሩን ተዪና ጤና ተቋም ሂጂ። ጉሉኮስና መርፌ ያስፈልግሽ ይሆናል። ማስመለሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረሽ ከዘጠነኛው ሳምንት በኋላ ከሆነም ታዪ፣ ወባ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ስትሄጂ ያቺን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እዚያ ላይ የጻፍሽውን ነው።